ፔሬድ ቀርቶ በቀኝ በኩል ብቻ ድንገት የጀመረ ህመም፣ ሳይስት ነው ወይስ ምንድነው?

ቤቲ_ካዛንቺስ · ሐሙስ ማታ 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ከሰአት ቢሮ ቁጭ ብዬ እየሰራሁ በቀኝ በኩል ከሆዴ ታች፣ ከዳሌ አጥንቴ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ቦታ ድንገት ቀጥ አድርጎ ያዘኝ፣ መነሳት ሁሉ አቃተኝ፣ ከዛ ለቀቅ አለና እስካሁን ግን አለ፣ ስራመድና ስስል ይብሳል። በግራ በኩል ምንም የለም። የመጨረሻ ፔሬዴ ጥቅምት 8 ነበር፣ ሁልጊዜ በ28 በ29 ቀኑ ነው ሚመጣው፣ ይኸው ዛሬ ኅዳር 25 ነው። ጥቅምት 20ዎቹ ውስጥ ፖስት ፒል ወስጄ ስለነበር እሱ ነው ያዘገየው ብዬ ብዙም አልተጨነቅኩም። ከትላንት ወዲያ ጀምሮ ደሞ ጠቆር ያለ፣ የቡና አተላ የመሰለ ደም ትንሽ ትንሽ አለ፣ ሞዴስ አይሞላም፣ ስለዚ ፔሬዴ ሊመጣ ነው እያልኩ ነበር።

ከቢሮ ስወጣ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ገባሁ፣ ሽንት አዩና ኢንፌክሽን አለሽ ብለው አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ሰጡኝ፣ ፕሬዠርሽም ጥሩ ነው አሉኝ። ትንሽ ያዞረኛል ግን ጾም ላይ ስለሆንኩ ይሆናል። ሳይስት ያለባችሁ እንደዚህ ነው እንዴ ሚያደርጋችሁ? እስከ ሰኞ ልጠብቅ ወይስ ለነገ ፈቃድ ልጠይቅ?

አቤል77 · 1፡34

ቀኝ ታች ከሆነ ትርፍ አንጀት ነው በቃ። ታናሽ ወንድሜን እንደዚሁ ነው የጀመረው፣ ሲስል ይብስበት ነበር። እስከ ሰኞ ብሎ ነገር የለም ዛሬውኑ ሂጂ። እርግዝና እንዳይሆን ደሞ አትፍሪ፣ ደም እያየሽ ስለሆነ እርግዝና አይሆንም።

ሙሌ_ሜክሲኮ · 1፡41

ባለቤቴም እርጉዝ ናት አምስተኛ ወሯን ይዛለች፣ አንዱን ጎኗን ውግት ያደርጋታል፣ ሀኪሙ ማህፀን ሲያድግ ጅማቱ ስለሚለጠጥ ነው ብሎናል። በግራ ጎንሽ ተኚ ይቀልሻል። በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ!

የማታ_ተረኛ · 1፡52

ሙሌ ወንድሜ ያንተ ሚስት አምስት ወሯ ነው፣ ልጁ ማህፀን ውስጥ እንዳለ ታይቷል፣ የቤቲ ገና የት እንዳለ እንኳን አይታወቅም። አቤል ዛሬውኑ ሂጂ ያልከው ትክክል ነው፣ ደም ስላለ እርግዝና አይሆንም ያልከው ግን እኛ ጋ ሴቶችን በጣም የሚያዘገይ ወሬ ነው።

ቤቲ እህቴ፣ ሚድዋይፍ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው ምሰራው። ሶስት ነገር ቶሎ መልሺልኝ። የእርግዝና ቴስት ተሰርቶልሻል ወይ? ክሊኒኩ ሽንት አየ ማለት እርግዝና አየ ማለት አይደለም፣ ካላዘዙት አይሰራም። ሁለተኛ፣ ትከሻሽ ጫፍ ላይ፣ ትከሻሽ አልቆ ክንድሽ የሚጀምርበት ቦታ፣ ከየት እንደመጣ የማታውቂው ህመም አለ? በተለይ ጋደም ስትዪ። ሶስተኛ፣ ሰገራ የመጣ እየመሰለሽ ሄደሽ ምንም የማይወጣ፣ ታች የሚገፋ ስሜት አለ?

ማዞሩን ደሞ ለጾሙ አትስጪው። እስከ ዛሬ ጾመሽ አዙሮሽ ያውቃል?

ቤቲ_ካዛንቺስ · 2፡05

ኧረ አያዞረኝም ሁልጊዜ ነው ምጾመው። ትከሻዬን ምንም የለም። ሰገራ የመጣ መምሰል ግን አዎ፣ ከሰአት ሁለቴ ሄጃለሁ ምንም የለም፣ ሆድ ድርቀት መስሎኝ ነበር። ቴስቱን አሁን ከስር ፋርማሲ ገዝቼ አደረኩት፣ አንዱ መስመር ደማቅ ነው ሁለተኛው በጣም ፈዘዝ ያለ ነው፣ ካላተኮርኩ አይታይም። ይሄ ኔጌቲቭ ነው አይደል?

ላብ_ሰው · 2፡09

አይደለም። ላብራቶሪ ነው ምሰራው። በሰአቱ ከታየ የፈዘዘ መስመርም መስመር ነው። እነዚህ የሽንት ስትሪፖች 25 ዩኒት አካባቢ ሆርሞን ሲያገኙ ነው ማሳየት የሚጀምሩት፣ ማታ ብዙ ውሃ ጠጥተሽ ያደረግሽው ሽንት ደሞ ቀጭን ስለሆነ ይፈዛል። ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፣ ፔሬድሽ ከቀረ ወደ ሶስት ሳምንት እየተጠጋ ነው፣ በደህናው እርግዝና በዚህ ሰአት መስመሩ ድምቅ ማለት ነበረበት። ይሄ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ግን የደም ቤታ ያስፈልግሻል፣ የሆርሞኑን ቁጥር የሚነግርሽ እሱ ነው።

ሊያ_ለ · 2፡13

ቆንጆ ካልፈለግሽው ምን ያስጨንቅሻል፣ ከፋርማሲ የማስወረጃ ክኒኑን ትወስጃለሽ፣ ማታ ትደሚያለሽ በማግስቱ ስራ ትገቢያለሽ። ጓደኛዬ ወስዳ ምንም አልሆነችም።

የማታ_ተረኛ · 2፡21

ሊያ ይሄን አትጻፊ በእግዚአብሔር። ያ ክኒን የሚሰራው ማህፀን ላይ ነው፣ ማህፀኑን አኮማትሮ በውስጡ ያለውን ያወጣል። እርግዝናው የማህፀን ቱቦ ውስጥ ከሆነ የሚያወጣው ነገር የለም። ተንኮሉ ደሞ ምን መሰለሽ፣ ማህፀኑ ለእርግዝናው ብሎ የወፈረ ሽፋን ስላለው ክኒኑን ስትወስድ ትደማለች፣ ደማች ማለት ወረደ ማለት ይመስላታል፣ አለቀ ብላ ትተኛለች፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ግን እያደገ ነው። በጣም ዘግይተው ከሚመጡብን ውስጥ እንደዚህ አይነቶቹ ብዙ ናቸው። እርግዝናው የት እንዳለ ሳይታይ ክኒን የለም።

ቤቲ አሁን ላንቺ። ቴስት ፖዘቲቭ፣ ህመም በአንድ ጎን፣ ጠቆር ያለ ትንሽ ደም፣ ማዞር፣ ታች የሚገፋ ስሜት። ይሄ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነው፣ ኤክቶፒክ የሚሉት። ላይሆን ይችላል፣ ሳይስትም ትርፍ አንጀትም ሊሆን ይችላል፣ ግን ቤት ሆነሽ አትለይውም እኔም ከዚህ አልለየውም። እስከ ሰኞ ቀርቶ እስከ ነገ ጠዋትም አይባልም፣ አሁን ሂጂ። ፕሬዠርሽ ጥሩ ነው ያሉሽን እርሺው፣ ወጣት ሰውነት ውስጥ ደም እየፈሰሰም ለተወሰነ ጊዜ ፕሬዠሩን ይዞ ይቆያል፣ መጀመሪያ የሚፈጥነው ልብ ምት ነው፣ ፕሬዠሩ ሲወርድ ብዙ ደም ሄዷል ማለት ነው።

ካዛንቺስ ከሆንሽ ጋንዲም ዘውዲቱም ቅርብሽ ናቸው። ብቻሽን አትሂጂ፣ ታክሲ ተራ አትሰለፊ፣ ራይድ ጥሪ። ስትነሺ የምትወድቂ ከመሰለሽ ወይ ህመሙ ከባሰ 907 ወይ 939 ይደወል። እስኪያዩሽ ምግብም ውሃም አትውሰጂ፣ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ሆድሽ ባዶ ቢሆን ነው የሚሻለው። እዛ ስትደርሺ "ሆዴን አመመኝ" ብቻ አትበያቸው፣ "ፔሬዴ ቀርቷል፣ ቴስቴ ፖዘቲቭ ነው፣ በቀኝ በኩል ድንገት አመመኝ፣ ያዞረኛል" በያቸው። ያቺ አረፍተ ነገር ከወረፋ ታወጣሻለች።

የፒያሳ_እናት · 2፡30

ልጄ ይቺ ልጅ የምትልሽን ስሚ። እኔ ሉፕ ነበረኝ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ ያስገባሁት ነው፣ ሉፕ እያለኝ አረግዛለሁ ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። ጠዋት ግራ ጎኔን ያዝ አደረገኝ፣ ብርድ ነው ብዬ ዳማከሴ ጠጣሁ፣ ልጆቹን ምሳ አበላሁ። ከሰአት ጋደም ስል ትከሻዬን ቀኙን አንድ ነገር ነክሶ ያዘኝ፣ ህመሙ በግራ ሆዴ ነው ትከሻዬ በቀኝ ነው፣ ምን ያገናኘዋል ብዬ ልጄን እሺኝ አልኳት፣ ቅባትም ቀባችኝ። ከዛ ሰገራዬ የመጣ መሰለኝና ሽንት ቤት ገባሁ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ጎረቤት ነው የነገረኝ፣ በሩን ሰብረው ነው ያወጡኝ። ሆዴ በደም ተሞልቶ ነበር፣ የግራው ቱቦ ወጣ፣ ወንድሞቼ ለሊት ተሯሩጠው ደም ሰጡ። ሽንት ቤት ስለወደቅኩ ሰው ሁሉ ምግብ ተመርዛ ነው ብሎ ወተት ሊያጠጣኝ ነበር እኮ።

ደሞ ሽንት ቤት ብትሄጂ በር አትቆልፊ።

አቤል77 · 2፡36

እማማ ይቅርታ ግን ሆድ ያመመው ሰው ትከሻው እንዴት ይታመማል? ሌላ በሽታ ይሆናል እኮ።

የማታ_ተረኛ · 2፡44

አይደለም አቤል፣ እማማ ያሉት ትክክለኛው ነው። ከቱቦው የወጣው ደም ሆድ ውስጥ ይንሸራሸራል፣ ጋደም ሲባል ወደ ላይ ይሄድና ሳንባን ከሆድ የሚለየውን ስስ ጡንቻ ያቃጥለዋል። የዛ ጡንቻ ነርቭ ከአንገት ነው የሚወርደው፣ ስለዚ አእምሮ ህመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ነው የሚያነበው። በማሸት አይለቅም፣ ክንድ ብታንቀሳቅሺም አይጨምርም አይቀንስም። ሰገራ የመጣ የሚመስለውም ያው ነው፣ ደሙ ከማህፀን ኋላ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ፊንጢጣን ይገፋዋል። ትከሻ ከታመመ ብዙ ጊዜ ደሙ በርክቷል፣ ትከሻ ስላልታመመ ደህና ነኝ ማለት ግን አይቻልም፣ አብዛኛዎቹ ትከሻ ሳያማቸው ነው የሚመጡት። እማማ እንኳን እግዜር አተረፈዎት።

ቤቲ ሄደሻል?

ቤቲ_ካዛንቺስ · 2፡50

ራይድ ውስጥ ነኝ ከእህቴ ጋር። መንገዱ ተዘግቷል ግን እየሄድን ነው።

ቤቲ_ካዛንቺስ · ዓርብ ከሰአት 9፡15

አለሁ። ሆስፒታሉን አልጠራውም። ማታ በሆድ በኩል በሚታየው አልትራሳውንድ አዩኝ፣ ማህፀኑ ባዶ ነው አሉ፣ ከማህፀን ጎን ግልጽ የሆነ ነገር አልታየም፣ ብዙ ደምም ሆዴ ውስጥ የለም። አንዱ ሀኪም "ወይ ገና ትንሽ ነው ወይ ወርዶ አልቋል፣ ቤትሽ ሂጂ" አለኝ፣ ሲኒየሯ መጥታ ግን አትሄድም ብላ አስተኛችኝ። ቤታው 1140 ነው። የደም አይነቴን ወስደዋል፣ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። ነገ ማታ ቤታው ይደገማል ብለዋል። ህመሙ ቀለል ብሏል። እውነት ለመናገር ወርዶ ካለቀ ለምን እዚህ እተኛለሁ እያልኩ ነው።

አቤል77 · 9፡28

አልትራሳውንድ ካየና ምንም ከሌለ ምንም የለም ማለት ነው እኮ፣ ማሽን አይዋሽም። ሆስፒታል ሰውን አስተኝቶ ማስከፈል ይወዳል።

የማታ_ተረኛ · 10፡02

ማሽኑ አልዋሸም፣ ባዶ ማህፀን ነው ያሳየው። ቴስት ፖዘቲቭ ሆኖ ማህፀን ባዶ ከሆነ ሶስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ገና በጣም ትንሽ የሆነ ደህና እርግዝና፣ የወረደ፣ ወይ ሌላ ቦታ ያለ። በአንድ ቀን ምርመራ ሶስቱን መለየት አይቻልም፣ የሚለየው ጊዜ ነው። በሆድ በኩል የሚታየው ደሞ ትንሽ ነገር ያመልጠዋል፣ በብልት በኩል የሚገባው ነው ቅርብ ሆኖ የሚያየው፣ ያም ቢሆን ቤታው ወደ 1500 እና ከዛ በላይ ሳይደርስ ደህናውንም እርግዝና ላያሳይ ይችላል፣ አንዳንዱ ሀኪም እስከ 3500 ጠብቅ ይላል። ስለዚ ሲኒየሯ ያደረገችው ልክ ነው። ወረደ ለማለት የወረደውን ነገር ያየ ሰው አለ? ወይ ቤታው ሲወርድ የታየበት ወረቀት አለ? ከሌለ ወርዷል አይባልም።

ህመሙ ቀለል ማለቱም አያታልልሽ፣ አንዳንዴ ቱቦው ሲፈነዳ ውጥረቱ ስለሚለቅ ለጥቂት ሰአት ይቀላል።

ላብ_ሰው · 10፡20

ቤታውን እዛው ላብራቶሪ አስደግሚው፣ ሌላ ቦታ አትውሰጂው። ማሽኖቹ ስለሚለያዩ ያው ደም 1100 ሌላ ጋ 1300 ሊወጣ ይችላል፣ ከዛ ጨመረ ቀነሰ የሚለው ይምታታል። በ48 ሰአት ነው የሚደገመው። ካንቺ አይነት ቁጥር የተነሳ ደህና እርግዝና በሁለት ቀን ቢያንስ በግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ማለትም ወደ 1700 መጠጋት አለበት። ወርዶ ካለቀ በግልጽ ይወርዳል። መሀል ላይ ከተንፏቀቀ ያኔ ነው ሚያስጠረጥረው።

ቤቲ_ካዛንቺስ · እሁድ ጠዋት 4፡10

1390። በውስጥ በሚገባው አልትራሳውንድም አዩኝ፣ ከቀኝ ኦቫሪዬ ጎን 2.3 ሴንቲ የሆነ ነገር አለ፣ የልብ ምት የለውም፣ ማህፀኔ አሁንም ባዶ ነው። ኤክቶፒክ ነው አሉ፣ አልፈነዳም። ማታውኑ ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ መቀመጫዬ ላይ ወጉኝ፣ ከዛ በፊት ጉበትና ኩላሊት አይተው፣ ክብደቴንና ቁመቴን ለክተው ነው መጠኑን ያሰሉት። ማክሰኞና ዓርብ ደም እሰጣለሁ። እህቴ ይሄ የካንሰር መድሀኒት ነው እኮ ብላ ጎግል አድርጋ እያለቀሰች ነው።

የማታ_ተረኛ · 5፡00

ለካንሰርም ይሰጣል፣ ለዚህ የሚሰጠው ግን ትንሽ መጠን ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን እንዳይባዛ ነው የሚያደርገው። ለመርፌው ብቁ የሆንሽው ያልፈነዳ፣ ትንሽ፣ የልብ ምት የሌለው፣ ቁጥሩም ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው፣ አንድ ነገር ደሞ ልትረጅ ይገባል፣ መርፌው ከተወጋሽ በኋላም ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚ እስኪያልቅ ድረስ ከአዲስ አበባ አትውጪ፣ ለገና ክፍለ ሀገር የምትሄጂ ከሆነ ሀኪምሽን ጠይቂ።

ፎሊክ አሲድ ያለበትን ቫይታሚን አቁሚ፣ መድሀኒቱን ይሽረዋል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይሆንም፣ ካመመሽ ፓራሲታሞል። ጠላም ቢሆን አልኮል የለም፣ ግንኙነትም እስኪፈቀድልሽ የለም። ማክሰኞ ቁጥሩ ጨምሮ ብታይው አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ አራተኛው ቀን ላይ ከመጀመሪያው ከፍ ይላል። የሚወሰነው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ልዩነት ነው፣ ቢያንስ በ15 በመቶ መውረድ አለበት። እነዛን ቀናት ሆድ ቁርጠት ሊኖር ይችላል፣ እሱ ከመድሀኒቱ ነው ብለሽ ግን ራስሽ አትወስኚ። የሚጨምር ህመም፣ ማዞር፣ ትከሻ፣ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ለሊትም ቢሆን ትመለሻለሽ።

ሊያ_ለ · 5፡31

ፖስት ፒሉ ነው እንግዲህ ወደ ቱቦ የገፋው። እኔ እኮ ከዚህ በኋላ አልነካውም።

የማታ_ተረኛ · 5፡44

ፖስት ፒል ኤክቶፒክ ያመጣል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም ሊያ፣ የእርግዝናን እድል ስለሚቀንስ በጠቅላላው ኤክቶፒኩንም ይቀንሰዋል። ሉፕም እንደዛው ነው፣ ሉፕ ያላት ሴት ማርገዟ እምብዛም ነው፣ ካረገዘች ግን እንደ እማማ ቱቦ ውስጥ የመሆኑ እድል ከፍ ይላል። ቱቦን የሚያበላሹት በአብዛኛው የቆየ ኢንፌክሽን፣ በተለይ ክላሚዲያ፣ የቱቦ ኦፕራሲዮን፣ ከዚህ በፊት የነበረ ኤክቶፒክ፣ ሲጋራም አለበት። ግማሽ ያህሉ ሴቶች ግን ምንም ምክንያት አይገኝባቸውም።

ሊያ_ለ · 5፡50

እሺ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ግን አላመንኩም።

ቤቲ_ካዛንቺስ · ዓርብ ማታ 12፡40

ማክሰኞ 1620 ነበር፣ ላብ ውስጥ ወረቀቱን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ደግነቱ አስጠንቅቃችሁኝ ነበር። ሰኞ ማታ ቁርጠት ነበረኝ ሄጄ አሳየሁ ምንም ደም የለም ብለው መለሱኝ። ዛሬ 1180 ገባ። በየሳምንቱ ዜሮ እስኪጠጋ እየተመላለስኩ ነው ምለካው፣ ቢያንስ ሶስት ወር አታረግዢም ተብያለሁ።

አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር፣ ሲኒየሯ ሲያልቅ በቀለም የሚነሳውን የቱቦ ራጅ ተነሺ፣ ቀኙ ክፍት መሆኑን እንይ አለችኝ፣ ሌላኛው ሀኪም ደሞ ምንም አያስፈልግሽም፣ ቱቦው ቢዘጋም በግራው ታረግዣለሽ፣ ብቻ ስታረግዢ ገና በስድስተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ነይ አለ። የቱን ልስማ?

የፒያሳ_እናት · 1፡05

እኔ ራጅ ምናምን ሳልነሳ በአንድ ቱቦ አንድ ወልጃለሁ ልጄ።

የማታ_ተረኛ · 1፡30

ሁለቱም የሚባል ነው፣ እንደ ሀኪሙ ይለያያል። ራጁ ልጅ ቶሎ ከፈለግሽ ወይ ሞክረሽ ከቆየብሽ ነው የሚጠቅምሽ፣ አሁን ላይ የምትፈልጊ አይመስለኝም። በስድስተኛው ሳምንት ነይ ያለሽን ግን ሁለቱም ባይሉሽም አድርጊው፣ አንዴ የነበራት ሴት ሁለተኛ የመምጣት እድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ያን ጊዜ ሳያምሽም ትመጫለሽ።

አቤል77 · 1፡42

እና ትርፍ አንጀቱን አላዩትም ማለት ነው?

ቤቲ_ካዛንቺስ · 1፡44

አይተውታል አቤል፣ ደህና ነው 😂